ቀመሩ 64 በመቶ ይላል፣ ጄኔሬተሩ ላይ የምናየው 38 ነው፤ የቀረው 26 የት ገባ?

አዲስ_ፈረቃ

ሰላም ለሁላችሁ። በእንፋሎት ኃይል ማመንጫ መቆጣጠሪያ ክፍል ሥራ ከጀመርኩ አራት ወሬ ነው። ከቦይለር ወደ ተርባይን የሚገባው እንፋሎት 540 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ግፊቱ 150 ባር ነው። ኮንደንሰሩን የሚያቀዘቅዘው የወንዝ ውሃ ደግሞ በ20 ዲግሪ ይገባል። የሙቀት ሞተር ሊደርስበት የሚችለውን ከፍተኛ ብቃት የሚሰጠውን፣ ትምህርት ቤት የተማርነውን የካርኖ ቀመር አወጣሁና ቁጥሮቹን ወደ ኬልቪን ቀይሬ አስገባሁ።

```
1 - Tc/Th = 1 - 293/813 = 0.64
```

የማመንጫው የወር ሪፖርት ግን 38 በመቶ ይላል። ከፍተኛውን ጣሪያ መድረስ እንደማይቻል አውቃለሁ፤ ነገር ግን 26 ነጥብ ትንሽ ልዩነት አይደለም። የፈረቃ አለቃዬን ብጠይቀው «ሰበቃ ነው» ብሎ አለፈ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ያን ያህል ሰበቃ ካለ አንድ ቦታ ላይ የሆነ ነገር መጋል ነበረበት። የሚያውቅ ካለ ቁጥር በቁጥር ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

---

የወርክሾፕ_ልጅ

አለቃህ ትክክል ነው። እኔ ከ12 ዓመት በላይ ተርባይንና ፓምፕ ስፈታና ስገጥም ኖሬያለሁ። ቤሪንግ አለ፣ በሲል በኩል የሚያመልጥ እንፋሎት አለ፣ ኢንሱሌሽኑ የተላጠ ቧንቧ አለ። አንድ በአንድ ሲታዩ ትንሽ ይመስላሉ፣ ሲደመሩ ግን ያልከውን ይሞላሉ። ማሽኑን በደንብ ብትይዘው ወደ 64 ትጠጋለህ፤ የጥገና ጉዳይ ነው።

---

ትርሲት_መለኪያ

የወርክሾፕ ልጅ የዘረዘራቸው ሁሉም ያሉ ናቸው፣ ነገር ግን ልዩነቱን አይሞሉትም። እኔ የማመንጫዎችን የብቃት ፍተሻ ስሠራ ነው የኖርኩት። በትልቅ ተርባይን ላይ ቤሪንግ የሚበላው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። የቧንቧዎቹም ብክነት እንዲሁ ነው። ሁሉንም ብታስወግዱ 64 አጠገብ አትደርሱም።

አዲስ ፈረቃ፣ ትልቁ ስህተት ያለው ቀመሩ ውስጥ ያስገባኸው 540 ላይ ነው። የካርኖ ሞተር ሙቀቱን በሙሉ የሚቀበለው በአንድ ቴምፕሬቸር ነው። የእናንተ ውሃ እንደዚያ ያደርጋል? ወደ ቦይለሩ በስንት ዲግሪ እንደሚገባ እስክሪንህ ላይ እየው። የምጋቢ ውሃ ማሞቂያዎቹን አልፎ ምናልባት 230 አካባቢ ይሆናል። ከዚያ ተነስቶ እስከ 342 ዲግሪ ይሞቃል፤ በ150 ባር ውሃ የሚፈላው እዚያ ነው። አንድ ዲግሪ ሳይጨምር ሙሉ በሙሉ እንፋሎት እስኪሆን እዚያው ይቆያል። ከዚያ በኋላ ነው በሱፐርሂተር ውስጥ አልፎ ወደ 540 የሚወጣው። 540 ዲግሪ ላይ ሆኖ የሚቀበለው ሙቀት የመጨረሻዋ ጠብታ ብቻ ናት። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ሙቀቱ በአማካይ በስንት ዲግሪ ገባ?» የሚለው ነው።

---

አዲስ_ፈረቃ

ምጋቢ ውሃው 231 ይላል፣ በትክክል እንዳሉት። አማካዩን እንዴት ነው የማወጣው? 231ን እና 540ን ደምሬ ለሁለት ላካፍል?

---

ትርሲት_መለኪያ

አይሆንም፤ ምክንያቱም በየዲግሪው እኩል ሙቀት አይገባም፣ መፍላቱ ብቻውን ብዙ ይወስዳል። የእንፋሎት ሰንጠረዥ ክፈት። አንድ ኪሎ ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ የተቀበለውን ሙቀት ኢንትሮፒው በጨመረው መጠን ታካፍለዋለህ። ኤንታልፒው ከ994 ወደ 3421 ኪሎጁል ይወጣል፤ ስለዚህ የገባው ሙቀት 2427 ነው። ኢንትሮፒው ከ2.58 ወደ 6.49 ገደማ ይሄዳል፤ ልዩነቱ 3.91 ነው።

```
2427 / 3.91 = 621 K  (348 °C)
```

ውሃህ ሙቀቱን በአማካይ የሚቀበለው በ348 ዲግሪ ነው ማለት ነው። በ540 አይደለም።

በታችኛውም በኩል ተመሳሳይ ነገር አለ። ወንዙ 20 ዲግሪ ነው፤ እንፋሎቱ ግን 20 ላይ ውሃ አይሆንም። ሙቀት ከእንፋሎቱ ወደ ወንዙ ውሃ በቧንቧው ግድግዳ በኩል እንዲፈስ እንፋሎቱ መሞቅ አለበት። ብዙ ጊዜ 33 አካባቢ ነው፤ 306 ኬልቪን። አሁን ቀመሩን እንደገና ሥራው፦ 1 - 306/621። 51 በመቶ ይሆናል። ሰበቃ የሚባል ነገር ገና ሳይነሳ 13 ነጥብ ሄደ።

---

ነጂ_በረሃ

ይቅርታ፣ ጥያቄው የሞተር ብቃት ስለሆነ የእኔንም ልጠይቅ። ፒካፕ አለኝ፣ ናፍታ ነው። ሲሊንደር ውስጥ እሳቱ 2000 ኬልቪን ያልፋል ይባላል። በዚህ ቀመር 1 - 293/2000 ብል 85 በመቶ ይወጣል። ታዲያ ነዳጄ ለምን እንደዚህ ቶሎ ያልቃል? ኢንጀክተሩን ላስፈትሸው?

---

ትርሲት_መለኪያ

ነጂ በረሃ፣ የእርስዎ ጥያቄ ሌላ ነው፣ ግን አንድ ሐሳብ ይጋራል። ቀመሩ የሚናገረው ሙቀት ቢወሰድበትም ቴምፕሬቸሩ ስለማይወርድ ምንጭ ነው። በሲሊንደር ውስጥ ያለ ጋዝ እንደዚያ አይደለም፤ በሰጠ ቁጥር ይቀዘቅዛል። 2000 ላይ የሚሰጠው የመጀመሪያውን ሙቀት ብቻ ነው፣ የመጨረሻውን የሚሰጠው ከአየሩ ጋር ሊስተካከል ሲል ነው። እንዲህ ያለ ጋዝ እስከ 293 ድረስ ያለ ምንም ብክነት ቢሠራበት እንኳ ጣሪያው 67 በመቶ ገደማ ነው፣ 85 አይደለም። በዚያ ላይ ፒስተኑ ታች ሲደርስ ጋዙ ገና ብዙ መቶ ዲግሪ እያለው በጭስ ማውጫው ይወጣል። ኢንጀክተሩን ማስፈተሽ ይችላሉ፣ ነገር ግን ከ85 ጋር አያወዳድሩት።

---

ፀሐይ_ኬሚስት

የሁሉም ችግር ውሃው ነው ማለት ነው። እኔ የሚመስለኝ ሌላ ፈሳሽ ብንጠቀም ከካርኖም ልንበልጥ እንችላለን። አሞኒያ አለ፣ የተለያዩ ሃይድሮካርቦኖች አሉ። ካርኖ በ1824 እ.ኤ.አ. ሲጽፍ የሚያውቀው የእንፋሎት ሞተር ነበር። ዛሬ ያሉንን ፈሳሾች አላያቸውም።

---

ማታ_አንባቢ

ፀሐይ፣ የካርኖ ክርክር ትልቁ ጥንካሬው እዚህ ላይ ነው፤ ስለ ፈሳሹ ምንም አይጠይቅም። በቁጥር እንሞክረው።

600 እና 300 ኬልቪን የሆኑ ሁለት አካላት አሉን። በቀመሩ ጣሪያው 50 በመቶ ነው። አንቺ በአንድ ተአምረኛ ፈሳሽ 60 በመቶ የሚሰጥ ሞተር ሠራሽ እንበል። ከሙቁ 100 ጁል ይወስዳል፣ 60 ሥራ ይሰጣል፣ 40ውን ወደ ቀዝቃዛው ይጥላል። እኔ ደግሞ የካርኖን ሞተር ወደ ኋላ አዙሬ እንደ ማቀዝቀዣ አስነሳዋለሁ። ካንቺ 60 ውስጥ 50 ሥራ እበደራለሁ፤ በዚያ 50 ጁል ከቀዝቃዛው አወጣለሁ፣ 100 ጁልም ወደ ሙቁ እመልሳለሁ።

አሁን ሒሳቡን ዝጊው። ሙቁ አካል 100 ሰጠ፣ 100 ተመለሰለት፤ እንዳልተነካ ነው። ቀዝቃዛው 40 ተቀበለ፣ 50 ሰጠ፤ 10 ጎደለበት። በእጃችን ደግሞ 10 ጁል ሥራ ተረፈ። ከአንድ ቀዝቃዛ አካል ብቻ ሙቀት ወስደን ምንም ሳናጣ ሥራ አደረግነው ማለት ነው። ይህ ቢቻል ኖሮ መርከብ ያለ ነዳጅ የባሕሩን ሙቀት እየጠጣ ይሄድ ነበር። ስለዚህ የ60 በመቶው ሞተር የለም፣ በውስጡ የሚዞረው ምንም ይሁን ምን።

ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ነገር፣ ካርኖ ይህን ሲያስብ ሙቀትን የማይጠፋ ፈሳሽ አድርጎ ነበር የሚቆጥረው። መነሻው ስህተት ሆኖ መድረሻው ቆመ። ክላውዚየስ በ1850 እ.ኤ.አ. መሠረቱን አስተካከለለት እንጂ ጣሪያውን አልነካውም።

---

ፀሐይ_ኬሚስት

እሺ፣ ይህን ተቀብያለሁ። ከካርኖ አይበለጥም። ግን ፈሳሹ ምንም ለውጥ ከሌለው ሰዎች ለምን በዝቅተኛ ሙቀት ማመንጫዎች ላይ ሃይድሮካርቦን ይጠቀማሉ?

---

ማታ_አንባቢ

ለውጥማ አለው። ጣሪያውን አያነሳም፣ ወደ ጣሪያው ምን ያህል መጠጋት እንደሚቻል ግን ይወስናል። ትርሲት እንዳሉት ውሃ በ150 ባር 342 ላይ ተገትሮ ይፈላል። የሙቀት ምንጭሽ 150 ዲግሪ ብቻ ከሆነ ደግሞ በዚያ ደረጃ የተሻለ የሚስማማ ፈሳሽ ትፈልጊያለሽ።

---

የወርክሾፕ_ልጅ

ትርሲት፣ እስከ 51 ያለው ገብቶኛል። ግን አንድ ነገር ግራ ገባኝ። እሳቱ ከ1500 ዲግሪ በላይ ነው። ቦይለራችን 90 በመቶ ብቃት አለው ተብሎ ተፈርሞበታል፣ የሚጠፋው 10 ብቻ ነው፣ እሱም በጭስ ማውጫው። ታዲያ በእሳቱና በእንፋሎቱ መካከል ምን ጠፋ?

---

ትርሲት_መለኪያ

ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል፤ ጊዜ ልስጠው።

የቦይለሩ 90 በመቶ የሚቆጥረው ጁሎችን ነው። ከነዳጁ ከወጣው ሙቀት 90ው ወደ ውሃው ደረሰ ማለት ነው፣ እውነትም ደርሷል። ሜትሩ የማያየው ነገር ግን አለ። 1000 ጁል ሙቀት በ1800 ኬልቪን ቢኖርህና አካባቢው 293 ቢሆን፣ በመርህ ደረጃ 837 ጁል ሥራ ታወጣበታለህ። ያው 1000 ጁል ወደ ውሃው አልፎ በ621 ኬልቪን ሲገኝ የሚሰጥህ ቢበዛ 528 ነው። ግድግዳውን ሲሻገር አንድ ጁል ሙቀት አልጠፋም። 309 ጁል ሥራ የመሥራት አቅም ግን ጠፋ፣ አይመለስምም። ምንም ነገር አልጋለም፣ ምንም ድምፅ አልተሰማም፣ ምንም አልፈሰሰም። አዲስ ፈረቃ «የሆነ ነገር መጋል ነበረበት» ያለው ለዚህ ነው፤ ትልቁ ብክነት ሲካሄድ የሚታይ ምልክት የለውም።

ሰበቃም፣ በቫልቭ ውስጥ እየታነቀ የሚያልፍ እንፋሎትም፣ ሙቀት በሰፊ ልዩነት ሲወርድም ውጤታቸው አንድ ነው፤ ኢንትሮፒ ይፈጥራሉ። አንተ የምታውቃቸውን ለማየት እጅ ይበቃል። ይኼኛውን ለማየት ሒሳብ ያስፈልጋል።

---

ገደብ_ፈላጊ

እኔ ደግሞ ልጨምር። የካርኖ ሞተር ልዩነት ሳይኖር ሙቀት እንዲያልፍ ይጠይቃል፤ ልዩነት ከሌለ ሙቀቱ የሚያልፈው በማያልቅ ጊዜ ነው። ስለዚህ 64 በመቶ የሚሰጥ ሞተር ፓወሩ ዜሮ ነው። ከርዞንና አልቦርን በ1975 እ.ኤ.አ. ይህን አስልተውታል። ከፍተኛ ፓወር ስትፈልግ ብቃቱ፦

```
1 - sqrt(Tc/Th) = 1 - sqrt(293/813) = 0.40
```

40 በመቶ! ማመንጫው 38 ነው። መልሱ ይኸው ነው፣ እውነተኛው ጣሪያ 40 ነው። ከዚህ በላይ መድከም አያስፈልግም።

---

ትርሲት_መለኪያ

የመጀመሪያው ግማሽ ትክክል ነው፣ በጣም አስፈላጊም ነው። ፓወር ከተፈለገ ልዩነት መኖሩ ግድ ነው፤ ልዩነቱ ደግሞ ብቃት ይበላል። 40 ጣሪያ ነው የሚለውን ግን አልቀበልም። እነዚያው ሰዎች ባወጡት ሰንጠረዥ ውስጥ በ300 ዲግሪ የሚሠራ ካንዱ የኑክሌር ማመንጫ አለ። በዚህ ቀመር 28 በመቶ ነው የሚደርሰው፣ የተለካው ግን 30 ነው። ጣሪያ የሚታለፍ ከሆነ ጣሪያ አይደለም። ቀመሩ የሚነግርህ በአንድ የተወሰነ ሞዴል ፓወር ከፍተኛ የሚሆንበትን ነጥብ ነው። ማመንጫ የሚሠራ ሰው ግን ለነዳጅ ስለሚከፍል ፓወሩን ትንሽ ቀንሶ ብቃቱን መጨመር ይመርጣል።

---

ገደብ_ፈላጊ

ካንዱን አይቻለሁ። ያው ሰንጠረዥ ላይ ግን ዌስት ተሮክ የተባለው የከሰል ማመንጫ 40 ተሰልቶ 36 ተለካ፣ ላርዴሬሎ የተባለው የከርሰ ምድር እንፋሎት ማመንጫ 17.5 ተሰልቶ 16 ተለካ። ካርኖ ለእነሱ 64 እና 32 ነው የሚለው። በሁለት ቴምፕሬቸር ብቻ ይህን ያህል የሚጠጋ ቀመር በአጋጣሚ ነው ብዬ ለመቀበል ይቸግረኛል።

---

ትርሲት_መለኪያ

መጠጋቱን አልክድም። ለምን እንደሚጠጋ ግን አንተም እኔም እዚህ አላስረዳንም። የተጠቀምክበት 540 ራሱ የእንፋሎቱ ጫፍ እንጂ ሙቀት የሚገባበት አማካይ አይደለም፤ ስለዚህ ሁለት ስህተቶች አንዱ ሌላውን እያካካሰ ሊሆንም ይችላል። በዚህ ላይ አንስማማም፣ ይቆይ።

---

የማታ_ፈረቃ

አዲስ ፈረቃ፣ ከእኛ ማመንጫ አንድ ነገር ላካፍልህ፤ ከዕለት ሥራህ ጋር ስለሚሄድ። ከሁለት ዓመት በፊት የጄኔሬተሩ ፓወር ቀስ እያለ ይወርድ ጀመር፣ ነዳጁ ግን ያው ነው። ሁሉም ሰው ተርባይኑን ጠረጠረ። አንድ ሌሊት ኮንደንሰሩ ላይ ያሉትን ሦስት ቴምፕሬቸሮች በደብተር ጻፍኩ። የማቀዝቀዣው ውሃ መግቢያ 20፣ መውጫ 29፣ እንፋሎቱ 40። በርክክቡ ጊዜ የተጻፈው ሰነድ ላይ ግን እንፋሎቱ 33 ነው የሚለው፤ ከመውጫው ውሃ ጋር ያለው ልዩነት 4 ነበር፣ አሁን 11 ሆነ።

የውሃው መሞቅ ያው 9 ዲግሪ ነው፣ ስለዚህ ፓምፑ አልደከመም፤ የውሃው መጠን ቀንሶ ቢሆን ይህ ቁጥር ያድግ ነበር። ሙቀቱ ግድግዳውን ለመሻገር ነው የተቸገረው። ሲከፈት በቧንቧዎቹ ውስጥ እንደ ወረቀት የሳሳ አተላ ተለጥፎ ተገኘ። በጣቴ ጠርጌዋለሁ፣ በጥፍር የሚለቅ ነገር ነው። ግፊቱ ከ0.05 ወደ 0.074 ባር ወጥቶ ነበር። በትርሲት ቀመር ብታሰላው 1 - 313/621፣ ከ51 ወደ 50 ዝቅ አለ። አንድ ነጥብ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ቀንና ሌሊት ነው የሚቃጠለው።

---

ትርሲት_መለኪያ

እጅግ ጥሩ ምሳሌ ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ልጨምር፤ ልዩነቱ ማደጉ ብቻውን ቆሻሻ መሆኑን አያረጋግጥም። አየር ወደ ኮንደንሰሩ ቢገባም ያው ምልክት ይታያል፣ ምክንያቱም አየሩ በቧንቧዎቹ ዙሪያ ተሰብስቦ እንፋሎቱን ይከለክለዋል። የሚለያቸው ከሥር የሚጠራቀመው ውሃ ነው። አየር ሲኖር ያ ውሃ ግፊቱ ከሚፈቅደው በታች ይቀዘቅዛል፣ በውስጡ የሚሟሟው ኦክስጅንም ይጨምራል። ቆሻሻ ከሆነ ሁለቱም አይለወጡም።

---

አዲስ_ፈረቃ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሒሳቡን በሙሉ ሠራሁት፣ እዩልኝ። ከ64 ተነሳሁ፤ የኮንደንሰሩን እውነተኛ 33 ዲግሪ ሳስገባ 62 ሆነ። 540ን በአማካዩ 348 ስተካው 51። ተርባይኑ ከሚገባው ሥራ 88 በመቶውን ስለሚያወጣ 45። ቦይለሩ 90 ስለሆነ 40። ፓምፕ፣ ፋንና ጄኔሬተር የሚወስዱትን 6 በመቶ ስቀንስ 38 ላይ ቆመ። ከሪፖርቱ ጋር ገጠመ።

የወርክሾፕ ልጅ ያነሳው ሰበቃ በተርባይኑ 12 ውስጥ አለ፣ ግን ከሁሉም ትልቁ እርምጃ ከ62 ወደ 51 የወረደው ነው። ታዲያ ለምን እንፋሎቱን ወደ 700 አናወጣውም?

---

የወርክሾፕ_ልጅ

ይህን እኔ እመልሳለሁ፣ ብረቱን ስለማውቀው። በዚያ ሙቀት በግፊት ላይ ያለ ብረት ሳይሰበር በዝግታ ይለጠጣል። ከ600 በላይ የሚችሉ ቅይጦች አሉ፣ ግን ውድ ናቸው፣ ብየዳቸውም ከባድ ነው። ያገለገለ የሱፐርሂተር ቧንቧ በካሊፐር ለክቼ ዲያሜትሩ ከአዲሱ ሰፍቶ አግኝቼዋለሁ፤ በዓይን ምንም አይታይበትም ነበር።

ስለ ሰበቃው ያልኩት ግን ከሒሳብህ ጋር አይሄድም፤ አያለሁ።

---

ትርሲት_መለኪያ

ሰንሰለትህ ትክክል ነው። ሌላው መንገድ ጫፉን ሳያወጡ አማካዩን ማንሳት ነው። እንፋሎቱን ከተርባይኑ መሃል አውጥቶ ወደ ቦይለሩ መልሶ እንደገና ማሞቅ ለዚህ ነው የተፈጠረው። ጋዝ ተርባይን ደግሞ ከእሳቱ ጋር በቀጥታ ይሠራል፣ መግቢያው ላይ 1500 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ጭሱ በ600 ገደማ ሲወጣ በእሱ እንፋሎት ይሠራበታል። ሁለቱ ተደምረው ከ60 በመቶ ያልፋሉ፤ በእሳቱና በእንፋሎቱ መካከል የነበረው ሰፊ ልዩነት ሥራ እየሠራ ስለሚወርድ ነው።

---

አዲስ_ፈረቃ

ዛሬ ሌሊት ፈረቃ ላይ የማታ ፈረቃን ሦስት ቁጥሮች ጻፍኩ። መግቢያ 20፣ መውጫ 29፣ እንፋሎት 36። ልዩነቱ 7 ነው፣ በርክክቡ ሰነዳችን 4 ይላል። ከሥር ያለው ውሃ 35.8 ነው፣ ስለዚህ ከእንፋሎቱ ብዙም አልቀዘቀዘም። የኦክስጅኑን ንባብ ላብራቶሪው ነገ ጠዋት ይሰጠኛል።

---

ትርሲት_መለኪያ

ኦክስጅኑ ካልጨመረ ቧንቧዎቹን አስከፍቱ። ንባቡን እዚህ ጻፈው።